የፑሊያን ፓስታ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደቡብ ጣሊያን፣ በፑሊያ፣ «ኦሬኪየቴ ኮን ለ ቺሜ ዲ ራፓ» የሚባል ምግብ አለ። ከዱረም ስንዴ ዱቄትና ከውሃ ብቻ የሚሠራ፣ ትንሽ ጆሮ የሚመስል ፓስታ መረር ካለ ጎመን ጋር ይበላል። እንቁላልም ቅቤም የለውም፤ ለጎንደር የጾም ገበታ እንዲህ የሚስማማ የጣሊያን ምግብ ብዙ አላውቅም። አሠራሩን በአማርኛ ስንጽፈው ግን የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ።

ትልቁ ስህተት «ሶፍሪጄሬ» የሚለውን ግስ «ማቁላላት» ብሎ ማለፍ ነው። ቁሌት ሲባል እኛ ቤት ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ይገባል፤ እየተማሰለም ቀላ እስኪል ይቆያል። የፑሊያው ተቃራኒ ነው። ዘይቱ ይቀድማል፣ እሳቱም ቀስ ያለ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ከጠቆረ ይመራል፤ ጎመኑም መራራ ስለሆነ ምግቡ አይበላም። «መጥበስ» ብንልም አንባቢው እሳቱን ያበዛዋል። ስለዚህ ድርጊቱን ዘርዝረን እንጻፈው፦ «አምስት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት መጥበሻ ላይ አድርገው፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቀው ይጨምሩ። በቀስታ እሳት ሽታው እስኪወጣ ያቆዩት፤ ወርቃማ መሆን ሲጀምር ያውጡት።»

ሁለተኛው «ጎመን» ብቻ ብሎ መተው ነው። አንባቢው ትልልቁን ቅጠል አድቅቆ ይከትፋል፣ ቀቅሎ ውሃውን ይደፋል። የሚፈለገው ለጋ ቅጠልና ያልፈነዳ እንቡጥ ነው። የሚቀርበው የሀበሻ ጎመን ሊያብብ ሲል የሚያወጣው ጫፍ ነው። ውሃውም አይደፋም፤ ፓስታው የሚበስለው እዚያው ውስጥ ነው። ፓስታው ደረቅ ከሆነ እሱ ይቀድማል፤ ጎመኑ ፓስታው ሊደርስ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ይገባል።

«አቹጌ»ን «ዓሣ» ያሉት እንደሆነ የጎንደር ሰው የጣና ቆሮሶ ይገዛል። ይሄኛው በጨው ተይዞ በዘይት የታሸገ፣ ጣት የምታህል የባሕር ዓሣ ነው፤ ትኩስ ዘይት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ጨውነቱ ብቻ ይቀራል። ካልተገኘ ወይም ጾም ከሆነ ይቅር፤ በሌላ ዓሣ መተካት ግን አይሆንም። «ፔፔሮንቺኖ»ም «በርበሬ» አይባልም፤ አንባቢው ቅመም የገባበትን ዱቄት ይነሰንስበታል። «አንድ የሚጥሚጣ ዛላ» በሉት፣ ይበቃል።

ደቂቃውን እንዳለ መገልበጥም ያሳስታል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓኬቱ ላይ 12 ደቂቃ የተባለው ፓስታ እዚህ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። «አል ዴንቴ»ን በምልክቱ ይግለጹት፦ አንዱን ነክሰው ሲያዩት መሃሉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ከቀረ ያውጡት። ከዚያ ከጎመኑ ጋር ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ግማሽ ጭልፋ የተቀቀለበት ውሃ ይጨመርበታል፤ እሳቱ ከፍ ብሎ መጥበሻው እየተወዘወዘ አንድ ደቂቃ ይቆያል። እዚህ ላይ «ያማስሉት» ብለው አይጻፉ፤ በማማሰያ የተመታ ኦሬኪየቴ ገንፎ ይሆናል።