ያስገባነው ነገር ለምን የተለጠፈ ይመስላል?

አንድ ፎቶ አለ እንበል። ከፊት የቆመው ሰው ጥርት ብሏል። ከኋላው ያሉት የመንገድ መብራቶች ደብዝዘው ክብ ክብ ሆነዋል። ከሰውየው ጀርባ ብስክሌት አስገባችሁና መብራቶቹን እያያችሁ በዚያው ልክ አደበዘዛችሁት። ግን ዓይን አልቀበል አለ። ጎማው መሬቱን የረገጠበት ቦታ ላይ መሬቱ በመጠኑ ይታያል፣ ብስክሌቱ ግን ጨርሶ ቀልጧል።

ምክንያቱ
የተለካው ከተሳሳተ ቦታ ነው። ብዥታ የሚወሰነው በርቀት ነው። ከፎከሱ ወደ ኋላ በራቅን ቁጥር ይጨምራል፣ ጭማሪው ግን እየቀነሰ ሄዶ ጣሪያው ላይ ይቆማል። ፎከሱ 2 ሜትር ላይ ከሆነ፣ 4 ሜትር ላይ ያለ ነገር የሚደበዝዘው እጅግ ሩቅ ያለው ከሚደበዝዘው በግማሽ ነው። 8 ሜትር ላይ ያለው ሦስት አራተኛውን ያገኛል። መብራቶቹ ሩቅ ናቸው፣ ብስክሌቱ ግን ቅርብ ነው።

መፍትሄው
መጀመሪያ ብስክሌቱን በትክክለኛ መጠኑ አስቀምጡት። ከደበዘዘ በኋላ መጠኑን ከቀየራችሁ ብዥታውም አብሮ ይቀየራል። ከዚያ ከፎቶው መሃል አካባቢ አንድ ሩቅ መብራት መርጣችሁ ክቡን ለኩ። ጠርዝ ላይ ያሉት ብዙ ጊዜ ሞላላ ስለሚሆኑ ተዋቸው። የክቡ ስፋት 80 ፒክስል ነው እንበል። ሰውየው 2 ሜትር፣ ብስክሌቱ 4 ሜትር ላይ ከሆኑ የብስክሌቱ የብዥታ ክብ 40 ፒክስል ይሆናል። በፎቶሾፕ `Filter > Blur > Lens Blur` ከፍታችሁ `Radius` ላይ የዚህን ግማሽ፣ 20 አካባቢ፣ ሞክሩ። ይህ መነሻ ብቻ ነው። ዋናው ዳኛ ጎማው የረገጠው መሬት ነው። እዚያ ያለው ጠጠር ወይም የንጣፍ መስመር ምን ያህል እንደሚታይ አይታችሁ ቁጥሩን አስተካክሉ። ርቀቱን ባታውቁትም በዚህ መንገድ ትደርሱበታላችሁ።

ብስክሌቱ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ
`Gaussian Blur` ተጠቅማችኋል ማለት ነው። እሱ ብርሃኑን ከመሃል ወደ ዳር እያሳሳ ይበትነዋል። ሌንስ ግን ዳሩ የሚለይ ክብ ይሠራል። `Lens Blur` የመረጥነውም ለዚህ ነው። በብረቱ ላይ ያለው ነጸብራቅ ክብ ሆኖ ግን ግራጫ ከሆነ፣ `Specular Highlights` ስር `Threshold`ን በትንሹ ቀንሱና `Brightness`ን በትንሹ ጨምሩ።

ዙሪያው በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ
ውስጡ ደብዝዞ ማስኩ ስለታም ቀርቷል። ማስኩም በዚያው ልክ ይደብዝዝ። ከስሩ የድሮው ፎቶ ጀርባ ካለ ግን ቀለሙ በጠርዙ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ከማደብዘዛችሁ በፊት የብስክሌቱን የዳር ቀለም በ `Clone Stamp` ወደ ውጭ አስፉት። አድካሚ ሥራ ነው፣ በተለይ በጎማው ሽቦዎች መካከል። እኔ ግን ይህን ዘልዬ ያማረልኝ ጊዜ የለም።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ፕላስቲክ ከመሰለ
ብዥታው የብስክሌቱን የፎቶ ቅንጣት ጠርጎታል። የዋናው ፎቶ ጀርባ ደብዝዞም ቅንጣቱ አለው፣ ምክንያቱም ቅንጣቱ የሚመጣው ከሌንሱ ሳይሆን ከካሜራው ሴንሰር ነው። ፎቶውን 100% አድርጋችሁ `Add Noise` በጥቂቱ ጨምሩ፣ ከጎኑ ካለው ጀርባ ጋር እስኪመሳሰል።