ብብትን ለሚያርስ ላብ፦ ዲዮድራንት ወይስ ላብ ከልካይ? እንዴት መርጦ መቀባት እንደሚቻል

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ አየሩ በእርጥበት ስለሚሞላ ላብ ከቆዳ ላይ ቶሎ አይተንም። ሙቀቱ ያን ያህል ባይሆንም እንኳ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ብብቱ ሥር ሸሚዙ ርሶ ይደርሳል። ይህ የሁሉም ሰው ነገር ነው። እዚህ የምናወራው ግን ጥላ ሥር ተቀምጦም፣ በብርዳማ ጠዋትም ብብቱ ስለሚያልበው፣ ሱቅ ያለውን ሁሉ ሞክሮ «ምንም አልሠራልኝም» ስለሚለው ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልሠራለት ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው። ወይ የገዛው ሽታ የሚያጠፋ እንጂ ላብ የሚቀንስ አይደለም፤ ወይ ትክክለኛውን ገዝቶ በተሳሳተ ሰዓት ይቀባዋል።

ሁለቱ የሚለያዩበት

ላብ ከቆዳ ሲወጣ እምብዛም አይሸትም። ብብት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከላቡ ጋር የሚወጣውን ቅባታማ ነገር ሲሰባብሩት ነው ጠረኑ የሚመጣው። ዲዮድራንት እነዚህን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፣ ሽቶም ይጨምርበታል። የላቡን መጠን ግን በጠብታ እንኳ አይቀንስም።

ላብ ከልካዩ፣ ማለትም አንቲፐርስፒራንቱ፣ ሥራው ሌላ ነው። በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው በላቡ ሟሙቶ ወደ ላብ ቀዳዳው አፍ ይገባና እዚያ እንደ ሙጫ ረግቶ ይወትፈዋል። ውታፉ ዘላቂ አይደለም፤ ቆዳው ራሱን ሲያድስ በቀናት ውስጥ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ችግርዎ ሽታ ብቻ ከሆነ ዲዮድራንት ይበቃዎታል። ችግርዎ መርጠብ ከሆነ ግን ሽቶ ያለው ዲዮድራንት ቢደራርቡ የሚያገኙት ሽቶ የሸተተ እርጥብ ሸሚዝ ነው።

መጀመሪያ ሸሚዙን ይለኩ

ሥራ ውለው ሲገቡ ሸሚዙን ሳይደርቅ አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉትና ከብብቱ ሥር ያለውን እርጥብ ክብ ከዳር እስከ ዳር በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ግራና ቀኙን ለየብቻ ይጻፉ። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ እንደ ተራ ላብ ይታያል። ከ5 እስከ 10 ቀላል፣ ከ10 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 አልፎ ወደ ወገብ የሚወርድ ደግሞ ከባድ ነው። ይህን ቁጥር መያዝ ያለብዎት በኋላ «የቀነሰ ይመስለኛል» ከማለት ስለሚያድንዎት ነው።

ጠርሙሱን እንዴት ያነባሉ

ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ይተዉት። «48 ሰዓት» የሚለው ጽሑፍ ሽታንም ላብንም ሊመለከት ይችላል፤ «ዲዮድራንት» ተብሎ የተሸጠ ብዙ ዕቃም በውስጡ ላብ ከልካይ ይዟል። ጀርባውን ገልብጠው በትንንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ዝርዝር ይዩ። በAl የሚጀምር የአሉሚኒየም ስም ከሌለው ላብ አይከለክልም። ካለው ደግሞ የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

አሉሚኒየም ክሎሮሃይድሬትና ዚርኮኒየም የተቀላቀለበት ዝርያ ለቆዳ የለዘቡ ናቸው። በተራ ሱቅ የሚገኘው ሮልና ስፕሬይ አብዛኛው የእነዚህ ወገን ነው። አሉሚኒየም ክሎራይድ ግን የበለጠ ጠንካራ፣ የበለጠም የሚያቃጥል ነው። ለከባድ ላብ የሚፈለገው ይኸኛው ሲሆን የሚጠየቀውም ፋርማሲ ነው። ከ10 እስከ 12 በመቶ ካለው ይጀምሩ፤ 20 በመቶው ያንን ለምደው ካልበቃዎት ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በአሜሪካ ደንብ አንድ ዕቃ ላብ ከልካይ ለመባል ከተጠቃሚዎቹ በአብዛኛዎቹ ላይ ላቡን 20 በመቶ ከቀነሰ ይበቃዋል። ለመጠነኛ ላብ 20 በመቶ ደህና ነው። ሸሚዙ ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ክብ ለሚተው ሰው ግን ያ ምንም አይታወቀውም።

ማታ፣ በደረቅ ቆዳ

ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ታጥበው ቀብተው ሲወጡ ላቡ መፍሰስ ይጀምርና ጨው ቀዳዳው ውስጥ ሳይረጋ አጥቦ ያወጣዋል። ሌሊት ግን ብብት እምብዛም ስለማያልበው ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚሆን ጊዜ ያገኛል። አንዴ የረጋው ውታፍ ጠዋት በሳሙና ሲታጠቡ አይወጣም፤ ብዙ ሰው የማያምነውም ይህንኑ ነው።

ማታ ከታጠቡ ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በፎጣ አድርቀው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢቀቡ ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ፎጣውም እርጥብ ስለሚሆን በማራገቢያ ማድረቅ ይሻላል። ሮሉን ብብቱ ላይ ሁለቴ ወደ ላይ ሁለቴ ወደ ታች ያንሸራቱ፤ ስስ ሽፋን ነው የሚፈለገው፣ የሚፈስ አይደለም። እስኪደርቅ እጅዎን ከፍ አድርገው ይቆዩና የሌሊት ልብስዎን ይልበሱ። ጠዋት በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ከፈለጉ ያኔ ለሽታው ዲዮድራንት ይደርቡበት፤ አይጣሉም።

ቆዳው እርጥብ ሳለ ከቀቡ አሉሚኒየም ክሎራይዱ ከውሃ ጋር ተገናኝቶ የጨው አሲድ ይፈጥራል። ማሳከኩና ማቃጠሉ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ብብትዎን ከተላጩም ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቆዳዎ ስስ ከሆነ ሁለት ቀን ሳይቀቡ ይቆዩ። ሎሚ አሽቶ መቀባት የሚወዱ አሉ። ሎሚ ውታፍ አይሠራም፤ አሲዱ የተላጨ ቆዳን ያቃጥላል እንጂ።

በቁጥር ሲታይ

እንበል የ24 ዓመት የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው። ለካ፤ ቀኙ 14፣ ግራው 13 ሴንቲ ሜትር ሆነ። 12 በመቶ አሉሚኒየም ክሎራይድ ገዛና ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጀመረ። ማክሰኞም ቀጠለ። ረቡዕ ማታ አምሽቶ ስለገባ ከሻወር ወጥቶ ወዲያው ቀባ፤ ሌሊቱን ብብቱ ሲነድ አደረ፣ ጠዋት ቀልቶ አገኘው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ ጠርሙሱን ይጥላል። ያልተስማማው ግን መድኃኒቱ ሳይሆን ውሃው ነው። ሁለት ሌሊት ያቆማል፤ መቅላቱ ካለ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ክሬም ጠዋት ጠዋት በስሱ ለሦስት አራት ቀን ይቀባል። ቅዳሜ በደረቅ ቆዳ፣ አንድ ሌሊት እየዘለለ ይጀምራል።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሸሚዙን ለካ፤ ቀኙ 6፣ ግራው 5። ከዚህ በኋላ በየሌሊቱ መቀባት ትርፉ ማቃጠል ነው። ወደ ሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያም ወደ አንዴ ይወርዳል። ክቡ እንደገና መስፋት ሲጀምር አንድ ሌሊት ይጨምራል። በአራት ሳምንት ምንም ለውጥ ካላየ ግን 20 በመቶውን ይሞክራል፤ ያም ካልሠራ ነገሩ የቆዳ ሐኪም ጉዳይ ነው። ላብ የሚቀንሱ ክኒኖችና የቦቱሊነም መርፌ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ አሉሚኒየሙ ስጋት

«ብብት ከተደፈነ መርዝ ወደ ጡት ይመለሳል» ሲባል ይሰማል። ላብ መርዝ ማስወገጃ አይደለም፤ ያንን የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ከብብት ውጭ ያለው ቆዳም ማላቡን ስለሚቀጥል ሰውነት መቀዝቀዝ አያቅተውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ሲያትል አካባቢ 813 የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶችና 793 የሌለባቸው ተነጻጽረው ከላብ ከልካይ ጋር ግንኙነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአውሮፓ የሸማቾች ደኅንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ፣ ስፕሬይ ባልሆኑ ምርቶች የአሉሚኒየሙ መጠን እስከ 6.25 በመቶ፣ በስፕሬይ እስከ 10.60 በመቶ ቢሆን ደኅና ነው ብሎ ደምድሟል። በቆዳ አልፎ ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። የመርሳት በሽታን በተመለከተም ላብ ከልካይ እንደሚያመጣው የተረጋገጠ ነገር የለም።

ጥንቃቄው እውነት የሚሆንባቸው ሁለት ቦታዎች ግን አሉ። አንደኛው ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ናቸው፤ ሰውነት የገባውን አሉሚኒየም የሚያስወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሳይጠይቁ መጠቀም የለባቸውም። ሁለተኛው የጡት ራጅ፣ ማሞግራም፣ የሚነሱበት ቀን ነው። ብብት ላይ የቀረው የአሉሚኒየም ብናኝ በፎቶው ላይ የካልሲየም ነጠብጣብ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ያን ቀን ሳይቀቡ ይሂዱ።

ስጋት ስላደረባቸው ወደ «ተፈጥሯዊ ክሪስታል» የሚዞሩም አሉ። ያ መስታወት የመሰለ ነጭ ድንጋይ፣ ጸጉር አስተካካዮች ከላጩ በኋላ ፊት ላይ የሚያሻሹት ዓይነት፣ ራሱ የአሉሚኒየምና የፖታሲየም ጨው ነው። አሉሚኒየምን ሸሽቶ እሱን የሚገዛ ሰው ስሙን ብቻ ነው የሸሸው። ሽታውን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ለከባድ ላብ ግን ደካማ ነው።

መቀባት ሳይሆን መመርመር ሲያስፈልግ

ከልጅነት ወይም ከወጣትነት የጀመረ፣ በሁለቱም ብብት እኩል የሚወርድ፣ ሲተኙ የሚያቆም፣ በቤተሰብም የታየ ላብ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ በሽታ የለበትም። በጎልማሳነት በድንገት የጀመረ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ፣ ከክብደት መቀነስ፣ ከሳል ወይም ከትኩሳት ጋር የመጣ ከሆነ ግን ጠርሙሱን አስቀምጠው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱ። ቲቢ፣ ወባ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን መብዛትና የስኳር መውረድ እንዲህ ያለ ላብ ያመጣሉ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ላብ ያመጣሉና የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይሂዱ።

የሸሚዙ ነገር፦ ነጭ ሸሚዝ ብብት ላይ የሚወጣው ቢጫ እድፍ የአሉሚኒየሙና የላቡ ድብልቅ ነው። በረኪና ያባብሰዋል፣ ቢጫውን ያጸናዋል። ከመታጠቡ በፊት ነጭ ኮምጣጤ እኩል ውሃ ቀላቅለው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት። ሙቅ ውሃና ካውያ ቢጫው ሳይለቅ አያስጠጉት።