የወሊድ መከላከያ ኪኒን እንቁላል እንዳይወጣ የሚያደርገው እንዴት ነው? ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ 28ኛው

ብዙ ሴቶች በእሽጉ መሃል አንድ ኪኒን ሲረሱ ይደነግጣሉ፤ አዲሱን እሽግ ሁለት ቀን ዘግይተው ሲጀምሩ ግን ምንም አይመስላቸውም። ሰውነት ውስጥ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ኪኒኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ሆርሞኖች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሠሩ ደረጃ በደረጃ መከተል ያስፈልጋል።

የምናወራው በጣም ስለተለመደው ዓይነት ነው። በእሽጉ ውስጥ 28 ፍሬ አለ። 21ዱ ሆርሞን ያለባቸው ናቸው፤ የቀሩት 7 ቀለማቸው የተለየ ሲሆን ሆርሞን የለባቸውም፤ ብዙ ጊዜ ብረት (አይረን) ብቻ ነው የያዙት። ሆርሞን ባለበት በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ 30 ማይክሮግራም ኤቲኒል ኢስትራዲዮል እና 150 ማይክሮግራም ሌቮኖርጀስትሬል አለ። የመጀመሪያው የኤስትሮጅን፣ ሁለተኛው የፕሮጄስትሮን ምትክ ነው። የእናንተ እሽግ ሌላ መጠን ወይም ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ኪኒን ባይኖር ምን ይሆን ነበር?

አንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል ቆም እያለ በየተወሰነ ጊዜ አንድ ሆርሞን ይለቃል። ይህ ሆርሞን ከሥሩ ያለችውን ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ ያነቃታል፤ እሷም ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትልካለች፤ ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች ይባላሉ። ኤፍኤስኤች የእንቁላል ማምረቻዎቹ ውስጥ እንቁላል የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶችን ያሳድጋል። መጀመሪያ ብዙዎቹ አብረው ማደግ ይጀምራሉ፤ ኋላ ግን አንዷ ትቀድማለች፣ ሌሎቹ ይከስማሉ።

የቀደመችው ከረጢት ስታድግ ኤስትሮጅን ታመርታለች። ኤስትሮጅኑ በመጠኑ ሲኖር ፒቱታሪን ይገታታል። በጣም ከፍ ብሎ ለሁለት ቀን ያህል ከቆየ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፒቱታሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ኤልኤች ትለቃለች። ከረጢቷን የሚያፈነዳት ይህ የኤልኤች ጎርፍ ነው፤ ከጀመረ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሏ ትወጣለች።

የፈነዳችው ከረጢት ሥራዋ አያልቅም። ለሁለት ሳምንት ያህል ፕሮጄስትሮን ታመርታለች። ፕሮጄስትሮኑ ማህፀንን ያዘጋጃል፤ ለአንጎልም «እንቁላል ወጥቷል፣ ሌላ አትላክ» የሚል መልእክት ያደርሳል። እርግዝና ካልተፈጠረ ፕሮጄስትሮኑ ይወርዳል፣ ወር አበባ ይመጣል፣ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

እንቁላል እንዳይወጣ ለማድረግ እንግዲህ ሁለት ቦታ መያዝ ይቻላል፤ አንድም ከረጢቷ እንዳታድግ፣ አንድም የኤልኤች ጎርፍ እንዳይመጣ። ኪኒኑ ሁለቱንም ይይዛል።

ደረጃ 2፦ ሌቮኖርጀስትሬል ምን ይሠራል?

ዋናው ሠራተኛ እሱ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ለአንጎል የሚያደርሰውን ያንኑ መልእክት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያደርሳል። ሃይፖታላመስ የሚለቀው ሆርሞን ይዘገያል፤ በዚህ የተነሳ ፒቱታሪ የኤልኤች ጎርፍ መልቀቅ ያቅታታል። አንዲት ከረጢት አምልጣ ብታድግ እንኳ የሚያፈነዳት ነገር ስለሌለ እንቁላሏ ውስጥ ትቀራለች።

ከአንጎል ርቆም ሁለት ሥራ አለው። የማህፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ ያወፍረዋል፣ ያጣብቀዋልም፤ የወንድ ዘር ሰንጥቆ ማለፍ ይቸግረዋል። የማህፀንንም የውስጥ ሽፋን ስስ ያደርገዋል። ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች ደማቸው የሚያንሰው በዚህ ነው።

«ታዲያ የተፈጥሮውን ፕሮጄስትሮን ለምን አይሰጡንም?» የሚል ይኖራል። የተፈጥሮው ሲዋጥ ጉበት ወዲያው ስለሚሰባብረው በደም ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሌቮኖርጀስትሬል የጉበትን በር አልፎ ቀኑን ሙሉ እንዲቆይ ተብሎ የተሠራ ነው። ኤቲኒል ኢስትራዲዮልም እንደዚሁ፤ በተፈጥሮው ኢስትራዲዮል ላይ የተቀጠለችው ትንሽ ቅጥያ ጉበት ቶሎ እንዳያፈርሰው ትከላከላለች። በማይክሮግራም የሚቆጠር መጠን የሚበቃው ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ኤቲኒል ኢስትራዲዮልስ?

ኤስትሮጅን ለእንቁላል መውጣት ምክንያት ነው ብለናል፤ እዚህ ደግሞ ከልካይ ሆኖ መምጣቱ ግራ ያጋባል። ልዩነቱ መጠኑና አመጣጡ ነው። ከኪኒኑ የሚመጣው በየቀኑ እኩል ነው፤ ወደዚያ ጣሪያ አይወጣም። ስለዚህ ሥራው መግታት ብቻ ይሆናል። የሚገታውም በተለይ ኤፍኤስኤችን ነው፤ ኤፍኤስኤች ካነሰ ቀድማ የምታድግ ከረጢት አትኖርም።

ሁለተኛው ሥራው ደም ማስተካከል ነው። ፕሮጄስትሮን መሰሉ ብቻውን ሲሆን የማህፀን ሽፋን በጣም ይሳሳል፤ ባልታሰበ ቀን ጠብ ጠብ የሚል ደም ይመጣል። ኤስትሮጅኑ ሽፋኑን ይደግፈዋል፤ ደሙ እሽጉ መጨረሻ ላይ በሚጠበቅበት ቀን ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ያለጊዜው ደም መታየቱ ግን የተለመደ ነው፤ ኪኒኑ አልሠራም ማለት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሰባቱ ባዶ ቀናት

ወሳኙ ቦታ እዚህ ነው። 21ኛው ፍሬ ሲያልቅ ሆርሞኖቹ ከደም ይወጣሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የማህፀን ሽፋን ድጋፉን አጥቶ ይረግፋል፣ ደም ይመጣል። ይህ እንቁላል ወጥቶ የሚመጣ ወር አበባ አይደለም፤ ሆርሞን በመቋረጡ የመጣ ደም ነው። ባይመጣም የሚጠራቀም «ቆሻሻ ደም» የለም።

በእነዚሁ ቀናት ፒቱታሪ ከእገዳው ትላቀቃለች። ኤፍኤስኤች ከፍ ይላል፣ ከረጢቶቹም ማደግ ይጀምራሉ። በሰባተኛው ቀን አንዳንድ ሴቶች ላይ 10 ሚሊሜትር የደረሰች ከረጢት በአልትራሳውንድ ልትታይ ትችላለች። ለመፈንዳት የምትደርሰው ወደ 20 ሚሊሜትር ስትጠጋ ነው፤ በዚህ ደረጃ ላይ ደግሞ በቀን 2 ሚሊሜትር ያህል ታድጋለች። በስምንተኛው ቀን አዲስ እሽግ ከተጀመረ ከረጢቷ ባለችበት ትቆማለች፣ ትከስማለችም። ካልተጀመረ ግን የቀራት ጥቂት ቀን ነው። ሰባቱ ቀናት ሊያጥሩ ይችላሉ፤ ሊረዝሙ ግን አይገባም።

እንቁላል ማምረቻዎቹን መልሶ ለማስተኛት ሰባት ኪኒን በተከታታይ መዋጥ ያስፈልጋል። ኪኒን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጀምሩም ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ወር አበባ ከመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከጀመራችሁ ከረጢቶቹ ገና ትንንሽ ስለሆኑ ወዲያው ይሠራል። ከዚያ ዘግይታችሁ ከጀመራችሁ ለ7 ቀን ኮንዶም መጨመር አለባችሁ።

ደረጃ 5፦ ሲረሳ፤ በምሳሌ

አንዲት ሴት የመጨረሻዋን ባለሆርሞን ኪኒን እሁድ ዋጠች። ከሰኞ እስከ እሁድ ሰባቱን የብረት ኪኒኖች ጨረሰች። አዲሱን እሽግ ሰኞ መጀመር ነበረባት፤ መንገድ ላይ ስለነበረች ሰኞና ማክሰኞ አመለጧት። ያስታወሰችው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ የምትውጠው ደግሞ ሁልጊዜ ማታ ነው።

ለእሷ «ሁለት ብቻ ነው የረሳሁት» ነው። ለእንቁላል ማምረቻዎቿ ግን ያለሆርሞን ያለፉት ቀናት 9 ናቸው። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ወዲያው አንድ ትውጣለች፤ የዕለቱን ደግሞ ማታ በሰዓቷ ትውጣለች። ያለፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መዋጥ ጥቅም የለውም፣ ማቅለሽለሽ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ከዚያ በየቀኑ እየቀጠለች ለሰባት ቀን ኮንዶም ትጠቀማለች። ባለፉት አምስት ቀናት ያለኮንዶም ግንኙነት ከነበራት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋታል፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሌቮኖርጀስትሬል ያለበትን ከወሰደች መደበኛ ኪኒኗን ሳታቋርጥ ትቀጥላለች። ዩሊፕሪስታል የተባለውን ከወሰደች ግን ሁለቱ ስለሚጋጩ ኪኒኗን የምትጀምረው ከ5 ቀን በኋላ ነው፤ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ያለባት እዚህ ላይ ነው።

ይህችው ሴት የረሳችው በሁለተኛው ሳምንት ቢሆን ኖሮ? ሰባቱን የመጀመሪያ ኪኒኖች በአግባቡ ስለዋጠች ከረጢቶቹ ተኝተዋል፤ ሁለት ቀን ለመንቃት አይበቃም። ለጥንቃቄ ሰባት ቀን ኮንዶም ትጨምራለች እንጂ ድንገተኛ መከላከያው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጋትም። በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከፊቷ ያሉት ባዶ ቀናት ናቸው፤ ባለሆርሞኖቹን ትጨርስና የብረቶቹን ጥላ በማግስቱ አዲስ እሽግ ትጀምራለች። በዚያ ወር ደም ላይመጣ ይችላል፤ አይጎዳም።

አንድ ፍሬ ብቻ ከተረሳ ባስታወሱበት ሰዓት ውጦ መቀጠል ይበቃል። ከብረት ኪኒኖቹ የተረሳ ካለ ይጣላል፤ ቀኑ ብቻ እንዳይዛባ።

ትውከትም እንደ መርሳት ይቆጠራል። ከዋጡ በኋላ 3 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰ ሌላ ፍሬ ይዋጣል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል ደግሞ ጉበት ሆርሞኖቹን ከወትሮው ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። ከነዚህ አንዱን የምትወስድ ሴት አንድም ቀን ሳትረሳ ብትውጥ እንኳ መጠኑ አይበቃትም፤ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋታል።

ኤስትሮጅኑ የማይስማማቸው

ኤቲኒል ኢስትራዲዮል በጉበት ሲያልፍ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች እንዲበዙ ያደርጋል። ለአብዛኞቹ ወጣት ሴቶች አደጋው ትንሽ ነው። የደም መርጋት የነበረባት፣ የደም ግፊት ያለባት፣ የእይታ ብልጭታ ቀድሞት የሚመጣ ማይግሬን ያለባት፣ የጡት ካንሰር ወይም ከባድ የጉበት ሕመም የያዛት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ግን ይህን ዓይነት ኪኒን ከመጀመሯ በፊት ባለሙያ ማማከር ግዴታዋ ነው። ለአብዛኞቹ ኤስትሮጅን የሌለበት ዘዴ አለ። ኪኒን እየወሰዱ አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።