ለእናታችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ሁለት ቁጥር በቃሏ አስይዟት

ከዋሽንግተንም ከሪያድም የሚደውልልኝ ሰው ጥያቄው ያው ነው። «ጅማ ላለችው እናቴ ብሩን በማን በኩል ልላክላት?» መልሴም አይቀየርም፦ በራሷ በኩል። ወዲያው የሚከተለው ደግሞ «እሷ እኮ ቁጥር አትይዝም» ነው። ይህን ወሬ ማን እንደነገራችሁ አስቡ። አብዛኛውን ጊዜ ስልኳን የያዘው ሰው ነው።

የእኔ እናት ነገር እንዲህ ነበር። ብሩ በየወሩ በስሟ በተከፈተ ቴሌብር ይገባል። ስልኩ ግን የአክስቴ ልጅ ኪስ ውስጥ ነው። የሚስጥር ቁጥሩንም ያወጣው እሱ፣ የሚያውቀውም እሱ ብቻ። እናቴ «ስንት ገባ?» ስትለው አንዴ «ኔትወርክ የለም»፣ አንዴ «ዘንድሮ እዚያም ተወዷል፣ ቀንሶ ነው የላከው»። እሷም ልጄ ቸግሮት ይሆናል ብላ ዝም። እኔ ስደውል ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ይከፍተውና አጠገቧ ይቀመጣል። ምን ብላ ታውራ? ቀሪ ሂሳቧን ለማየት *127# ብትደውልም የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃታል፣ እሱን ደግሞ አታውቀውም። «ለምን አትነግራትም?» ስለው «ትረሳዋለች፣ ዕድሜዋ ነው» አለኝ። አጎቶቼም፣ ጎረቤቱም፣ ሁሉም አንድ ቃል ሆኑ፦ ትረሳለች።

እናቴ እኮ ከሄርማታ ገበያ ማን ስንት ኪሎ ቡና በዱቤ እንደወሰደባትና ማን ስንት እንደቀረበት ወረቀት ሳታይ ትነግራችኋለች። ቁጥር መያዝ አቅቷት አይደለም። ማንም ቁጥሩን በሚያዝ መልክ አልሰጣትም። ነገሩ ሲፈነዳ በሽማግሌ ተያዘ፣ የአክስቴ ልጅም ብሩን መውሰዱን አመነ፣ ብሩ ግን ጥቂቱ ብቻ ነው የተመለሰው። ያንን ትቼ ስለ ቁጥሮቹ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በር የሚዘጋው እሱ ነው።

በቃል መያዝ ያለባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው የእናንተ የውጭ ስልክ፣ ሁለተኛው የራሷ የሚስጥር ቁጥር። የባንክ ሂሳብ ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር ረዣዥም ናቸው፣ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ በእነሱ አታድክሟት። ሁለቱንም ቁጥር ባንድ ሳምንት አትጀምሩ፣ ይደባለቃሉ። መጀመሪያ ስልኩ ይግባ።

ሰው በአንድ ትንፋሽ የሰማውን ተከታታይ አሃዝ ሲይዝ ወሰን አለው። ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በፈረንጆች 1956 ሰባት ገደማ ነው አለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ያለ ዘዴ ከሆነ ወደ አራት ይጠጋል ይላሉ። አራት ግን አራት አሃዝ ብቻ ማለት አይደለም፣ አራት ጥቅል ሊሆን ይችላል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ነገር ለባለቤቱ ትርጉም ካለው እንደ አንድ ይቆጠራል። ሰባትና ሰባት ሁለት አሃዝ ናቸው፣ «ሰባ ሰባት» ግን በእናቴ ዕድሜ ላለ ሰው አንድ ዓመት ነው፣ ያ ድርቅ የነበረበት።

በምሳሌ እንየው። ልጇ ዋሽንግተን ነው እንበል፣ ቁጥሩም 202 555 0177። ከጅማ ሲደወል ከፊቱ 001 ይገባል። ሲደመር አሥራ ሦስት አሃዝ ነው፣ እንዲያው ከተነገረው ማንም አይዘውም። ስንከፍለው 001፣ 202፣ 555፣ 01፣ 77 ሆነ። የመጀመሪያው «የአሜሪካ በር» ነው፣ ሁለት ዜሮና አንድ። ሁለተኛው ዳርና ዳሩ ሁለት፣ መሃሉ ዜሮ። ሦስተኛው አምስት ሦስት ጊዜ። አራተኛው ዜሮ አንድ፣ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ። አምስተኛው ሰባ ሰባት፣ እሱ የተወለደበት ዓመት። መንጠቆውን ራሷ ትምረጥ። ድርቁን ማስታወስ ካልፈለገች ልደቱን ትያዝ። እናንተ አስባችሁ የሰጣችኋት ብልህ መንጠቆ ለእሷ ምንም ላይሆን ይችላል። «ይሄ ቁጥር ሲጠራ ምን ትዝ ይልሻል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።

አከፋፈሉ አንዴ ከተወሰነ በኋላ አይነካ። እናንተ በሁለት በሁለት እየከፈላችሁ፣ የእህታችሁ ልጅ በሦስት በሦስት ካለቻት ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው የምትሰማው። ቋንቋውም እንዲሁ። ጅማ ውስጥ ከእኛ ጋር በአማርኛ የምታወራ እናት ገበያ ላይ በኦሮምኛ ልትቆጥር ትችላለች። ብር ስትቆጥር በምትቆጥርበት ቋንቋ ነው ቁጥሩንም መያዝ ያለባት።

አንድ ማንም የማይነግራችሁ ወጥመድ አለ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው «አሥራ ሰባት»ን በቃሉ አሳምሮ ይላል፣ ቁልፉ ላይ ሲመጣ ግን አንድ፣ ዜሮ፣ ሰባት ይጫናል። አሥር ብሎ ሰባት ማለት እኮ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ስለዚህ በቃል መድገሟ ብቻውን አያረካችሁ። የሌላ ሰው ስልክ ስጧትና ትደውል። ከተሳሳተች ጥቅሎቹን ሳታፈርሱ ውስጣቸውን በነጠላ አሃዝ አስጠሯት፦ ሰባት ሰባት። ቁልፍ ያለው ስልክ ከሆነ ደግሞ መሃሉ ላይ አምስት ቁጥር በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ጉብታ አላት። ዓይኗ ደከም ያለ እናት ከእሷ ተነስታ የቀሩትን ታገኛቸዋለች።

ልምምዱ ደግሞ ማስነብነብ አይደለም። አንድ ጥቅል ንገሯትና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው አውሩ፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ጠይቋት። ካገኘችው አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ስልኩ ሊዘጋ ሲል፣ ከዚያ በማግስቱ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ። እረፍቱ እየረዘመ ይሄዳል። ከሳተች አታስገምቷት። ግምቱ ራሱ ይያዝባታል። ትክክለኛውን ወዲያው ንገሯት፣ አንዴ ትድገመው፣ ከዚያ ወደሰራላት አጭር እረፍት ተመለሱ። የተያዘ ሲመስላችሁ አዲስ ጥቅል ጨምሩ። ጥቅሎቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ቅደም ተከተላቸው ከተዘበራረቀ ግን ችግሩ አሃዙ ላይ አይደለም፣ ማያያዣ ጎድሏል፦ «በሩን ከፍቼ፣ ዳርና ዳር ሁለቱን አልፌ፣ ሦስቱን አምስት ቆጥሬ፣ የመጀመሪያ ልጄን፣ በተወለደበት ዓመት አገኘሁት»። ይሄ ለእናቴ በደንብ ሠርቷል።

የስልኩን ቁጥር ማንም ያስተምራት። ጎረቤትም፣ ተማሪ ልጅም፣ የአክስት ልጅም ቢሆን ግድ የለም፣ ሚስጥር አይደለም። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ማንም አይወቅ። ማንም ስል እናንተንም ጭምር ነው። ብዙ ዳያስፖራ እዚህ ላይ ይቆጣል፣ «ብሩን የምልከው እኔ ነኝ» ይላል። እናንተ ካወቃችሁት ግን በስልክ ልትነግሯት ነው፣ ስልኩ ደግሞ ድምፁ ተከፍቶ ነው፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ከእናንተ ወጥቶም ወደ ወንድማችሁ ይሄዳል፣ «አሁን አስቸኳይ ስለሆነ አንዴ ንገረኝ» ይላችኋል፣ ወንድማችሁ ስለሆነ ትነግሩታላችሁ።

ስለዚህ መታወቂያዋን ይዛ ራሷ አገልግሎት ማዕከል ሄዳ ቁጥሩን ትቀይር። የሚያጅባት ሰው በር ላይ ይጠብቅ። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ስድስት አሃዝ ነው፣ ሦስት ጥንድ ይሆናል፣ ለመያዝ ከስልኩ በጣም ይቀላል። ጥንዶቹ ግን ሌላ ሰው የማያውቃቸው ይሁኑ። ለስልኩ የልጅ የልደት ዓመት ጥሩ መንጠቆ ነበር፣ እዚህ ግን አይሆንም፣ ዘመድ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። ስልሳ ስድስትና ሰማንያ ሦስትም ይቅሩ፣ አብዮቱንና ለውጡን የማያውቅ የለም። ልጅ ሳለች የነበሩባት የላም ብዛት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛችው ሻሽ ዋጋ፣ እንዲህ ያለ እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር ይሁን። ምን እንደሆነ አትጠይቋት። ስልኩ ሽፋን ውስጥ በወረቀት እንዳትከተው ብቻ ንገሯት፣ ስልኩ የተሰረቀ ቀን ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል።

ይሄኛውን ጮክ ብለው አይለማመዱትም። ልምምዱ ራሷ በሳምንት ሁለቴ ብቻዋን ሆና ቀሪ ሂሳቧን ማየቷ ነው። እናንተም ስትደውሉ «ቁጥሩን ታስታውሻለሽ?» አትበሏት፣ «ስንት አለሽ?» በሏት። ከላካችሁት ጋር የሚገጥም መልስ ከሰጠች ቁጥሩ በእጇ ነው። «ቆይ እገሌ ይምጣና ያይልኛል» ካለች ግን አልሆነም፣ እንደገና ትቀይር። ደጋግማ ከሳተች ይቆለፋል፣ ስለዚህ ከተጠራጠረች ተወት አድርጋ ቆይታ ትሞክር።

አያት ጋር የምታሳድጉት ልጅ ካለ እሱንም አትርሱት። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት አሃዝ ገደማ ነው። የውጭውን ቁጥር ተዉለት፣ ቢጠፋ የሚያስፈልገው እዚያው ጅማ ያለ ሰው ስልክ ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ 0917 ብሎ የሚጀምር ከሆነ እሱን እንደ አንድ ቃል በዜማ ይያዘው፣ የቀሩትን ስድስት ደግሞ በሁለት በሁለት፣ በቀን አንድ ጥንድ። ሁለት አሃዝ መቁጠር ያልጀመረ ከሆነ «ሠላሳ አራት» ሳይሆን «ሦስት አራት» ይበል። ለልጁም ማስደወሉ ነው ፈተናው።

ስልክ ተደውሎ «ልጅሽ ታሟል፣ ለሕክምና ብር ላኪ» የሚሏት ጊዜ ይመጣል። ከእናቴ ጋር የተስማማነው፣ ማንም ስለ እኔ ቢደውል፣ ድምፁ የዘመድ ቢሆንም፣ ዘግታ ያቺን አሥራ ሦስት አሃዝ ራሷ ትደውላለች። ስልኳ ዝርዝር ውስጥ ካለው ስም ሳይሆን ከቃሏ። ስሜ ስር የሌላ ሰው ቁጥር ተቀይሮ ሊቀመጥ ይችላልና። ለዚህ ስትሉ ቁጥራችሁን አትቀያይሩ። አሮጌው ከአዲሱ ጋር እየተጋጨ ለወራት ያስቸግራታል።

መንጠቆውም ራሱ የሚጠፋባት ከሆነ፣ ልጇ የተወለደበትን ዓመት ራሱ ካጣችው፣ ያ የማስታወስ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ትይ። በዚያ ጊዜም የሚስጥር ቁጥሩን ለአንድ ዘመድ አታስረክቡ። ስልኩ ላይ የሳምንት አስቤዛ የሚሆን ብቻ ላኩ፣ የቀረው እሷ ራሷ ቀርባ በምታወጣበት የባንክ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ባንክ ስትሄድም ሁለት የማይዋደዱ ዘመዶች አብረው ያጅቧት።