ሥራ ላይ ላለ ተማሪ፦ የኤሌክትሮኒክስ ፈተናን በአራት ሳምንት እንዴት መከለስ ይቻላል?

የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ፈተናዬን የወደቅሁት ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። ከሥራ ስመለስ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቼ ማታ ማታ ሳነብ ሦስት ሳምንት አለፈ። ስለ ሴሚኮንዳክተር ኢነርጂ ባንድ በደንብ ዐወቅሁ፤ ከፈተናው ነጥብ ትልቁን ድርሻ የያዘውን የትራንዚስተር ማጉያ ግን ገና አልነካሁትም ነበር። በሁለተኛው ዙር ያለፍሁት ብዙ ሰዓት አግኝቼ ሳይሆን ሰዓቱን በሌላ መንገድ ስለከፈልሁት ነው።

ዕቅዱ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። በሥራ ቀናት አራት ማታ ለሃምሳ ሃምሳ ደቂቃ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ እሑድ ሁለት ሰዓት ተኩል። አንዱ የሥራ ቀን ማታ ባዶ ይሁን፤ አለቃ ድንገት ሲያስመሽ የሚከፈለው ከዚያ ነው። አዲስ ነገር የሚነበበውና ረጅም ስሌት የሚሠራው በእረፍት ቀናት ብቻ ነው። በደከመ አእምሮ አዲስ ንድፈ ሐሳብ አይገባም፤ ቅዳሜ የተሠራን ጥያቄ ማክሰኞ ማታ መልሱን ሳያዩ በባዶ ወረቀት ላይ እንደገና መሥራት ግን ይቻላል። የሥራ ቀናት ማታዎች ለዚህ ብቻ ናቸው።

ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት፣ አንድ ሰዓት

ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት የፈተና ወረቀቶች አውጡና ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ «ዲቫይስ»፣ «አናሎግ» ወይም «ዲጂታል» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ነጥቡን ደምሩ። አናሎግ ግማሹን ከያዘ ከአራቱ ሳምንት የሚበዛውን ሰዓት እሱ ይውሰድ። እኔ ከዚህ በታች ያስቀመጥሁት ክፍፍል አናሎግ ከባዱ ድርሻ እንደሆነ በመገመት ነው፤ የእናንተ ቆጠራ ሌላ ካለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳምንት አመዛዝኑ።

ሳምንት 1፦ ዳዮድና ትራንዚስተር

ሦስቱንም ክፍሎች የሚያያይዝ አንድ የአሠራር ልማድ አለ፤ ገምት፣ አስላ፣ አረጋግጥ። የሚለመደው በዳዮድ ነው።

የ1 ቮልት ምንጭ በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር አልፎ አንድ መጋጠሚያ ላይ ይደርሳል እንበል። ከመጋጠሚያው ወደ መሬት ሌላ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ይወርዳል፤ ከእሱ ጎን ለጎን ደግሞ ወደ መሬት የሚያሳልፍ የሲሊከን ዳዮድ አለ። ዳዮዱ ያሳልፋል ብላችሁ ገምቱ። መጋጠሚያው 0.7 ቮልት ይሆናል። በላይኛው ሬዚስተር የሚመጣው 0.3 ሚሊአምፔር ነው፤ የታችኛው ሬዚስተር ግን ብቻውን 0.7 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። ለዳዮዱ የሚቀረው −0.4 ሚሊአምፔር ሆነ ማለት ነው። ዳዮድ ወደኋላ ይህን ያህል ስለማያሳልፍ ግምቱ ስሕተት ነበር። ዳዮዱ ተዘግቷል፤ መጋጠሚያውም 0.5 ቮልት ላይ ነው። «ሲሊከን ስለሆነ 0.7» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ነጥቡን የሚያጣው እዚህ ነው።

ከዲቫይስ ፊዚክስ ፈተናው ላይ በተደጋጋሚ የወጣውን ብቻ ያዙ። በዚህ ሳምንት ግን አንድ የቃል ወጥመድ አለ፤ ዛሬውኑ በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። «ሳቹሬሽን» በባይፖላር ትራንዚስተርና በሞስፌት ላይ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ባይፖላሩ ሳቹሬሽን ውስጥ ሲገባ ከረንት እንደሚያሳልፍ የበራ ማብሪያ ማጥፊያ ይሆናል፤ ማጉላቱን ያቆማል። ሞስፌት ግን ለማጉላት የሚያገለግለው ሳቹሬሽን ውስጥ ሆኖ ነው። ስሙን ማን እንዲህ እንዳደናገረው እንጃ፤ በየዓመቱ ሰው ይጥላል።

ሳምንት 2፦ ማጉያው

ይህ ሳምንት ለአንድ ሰርኪዩት የተሰጠ ነው። በቮልቴጅ ከፋይ ቤዙ የሚመገብ ባለ አራት ሬዚስተር ኮመን ኤሚተር ማጉያ። እሱን በሙሉ የሚሠራ ሰው ሌሎቹን በትንሽ ለውጥ ይደርስባቸዋል። ቅዳሜ ይህን ሥሩ፦

```
VCC = 12 V, R1 = 47 kΩ, R2 = 10 kΩ
RC = 3.3 kΩ, RE = 1 kΩ, β = 100
```

በቅድሚያ ካፓሲተሮቹን ሁሉ ክፍት አድርጋችሁ የዲሲውን ስሌት ብቻ ሥሩ። ከቤዙ ወደ ከፋዩ ሲታይ የቴቬኒን ቮልቴጁ 12 × 10/57፣ ማለትም 2.1 ቮልት ነው፤ የቴቬኒን ሬዚስተሩ 8.25 ኪሎኦም። ትራንዚስተሩ አክቲቭ ነው ብላችሁ ገምቱ።

```
IB = (2.105 − 0.7) / (8.25k + 101 × 1k) ≈ 12.9 µA
IC ≈ 1.29 mA,  IE ≈ 1.30 mA
VC = 12 − 1.29 × 3.3 ≈ 7.8 V,  VE ≈ 1.3 V
VCE ≈ 6.5 V
```

6.5 ቮልት ሳቹሬሽን ውስጥ ከሚቀረው 0.2 ቮልት በእጅጉ ስለሚበልጥ ግምቱ ጸንቷል። እዚህ ላይ ሚሊአምፔርን በኪሎኦም ስታባዙ በቀጥታ ቮልት እንደሚመጣ ልብ በሉ፤ ዜሮዎችን መጻፍ ተዉ፣ የስሕተት ምንጭ ናቸው።

በፈተና ላይ ጊዜ ሲያጥር የቤዙን ከረንት ንቆ መነሣት ይቻላል። ቤዙ 2.1፣ ኤሚተሩ 1.4፣ ከረንቱ 1.4 ሚሊአምፔር ይመጣል። ከትክክለኛው ስምንት በመቶ ያህል ይርቃል። ይህ አቋራጭ የሚሠራው β × RE ከቴቬኒን ሬዚስተሩ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ እዚህ 100 ለ8.25 ስለሆነ ያስኬዳል። ጥያቄው «በትክክል አስሉ» ካለ ግን አትጠቀሙበት።

ቀጥሎ የምልክቱ ክፍል። በኤሚተሩ ሬዚስተር ጎን ካፓሲተር ካለ፣ ለምልክቱ ኤሚተሩ መሬት ነው። gm የሚገኘው 1.29 ሚሊአምፔርን ለ25 ሚሊቮልት በማካፈል ሲሆን 0.052 ሲመንስ ገደማ ይሆናል። በ3.3 ኪሎኦም ሲባዛ ማጉላቱ −170 አካባቢ ይመጣል። አሁን ካፓሲተሩን አውጡት። ማጉላቱ ወደ −3.2 ይወርዳል፤ ከ RC/RE ብዙም አይርቅም። በአንድ ካፓሲተር መኖርና አለመኖር መካከል ያለው ልዩነት ሃምሳ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉን ሳያስተውሉ ቀመር መጻፍ ሙሉውን ጥያቄ ያስበላል። ውጤቱ ላይ ጭነት ከተቀጠለ ደግሞ RC ብቻውን አይቆጠርም፤ ከጭነቱ ጋር በትይዩ ይሰላል።

በሥራ ቀናት ማታ ይህንኑ ሰርኪዩት በየቀኑ አንድ ቁጥር እየቀየራችሁ ሥሩት። ሰኞ β 200 ይሁን፤ ከረንቱ እምብዛም እንዳልተነቃነቀ ታያላችሁ። የኤሚተሩ ሬዚስተር የተቀመጠው ለዚህ ነው። ማክሰኞ RC 10 ኪሎኦም ይሁን። በሬዚስተሩ ላይ ብቻ 12.9 ቮልት ይወድቃል ይላል ስሌቱ፤ ምንጩ ግን 12 ብቻ ነው። ግምቱ ፈረሰ፣ ትራንዚስተሩ ሳቹሬሽን ውስጥ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ ያየ ሰው VCE ሳያረጋግጥ ወረቀት አያስረክብም።

እሑድ ኦፕ አምፕ ይግባ። ሁለቱ መግቢያዎች እኩል ቮልቴጅ አላቸው የሚለው ሕግ የሚሠራው ከውጤቱ ወደ ኔጌቲቭ መግቢያው የሚመለስ መንገድ ሲኖር ብቻ ነው። መመለሻው ወደ ፖዘቲቩ ከሆነ ሕጉን ተዉት። ማጉላቱ −10 የሆነ ሰርኪዩት 2 ቮልት ሲገባበት −20 ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ምንጩን ተመልከቱ፤ ±12 ቮልት ከሆነ እዚያ አይደርስም።

ሳምንት 3፦ ከትራንዚስተር ወደ ሎጂክ

ሳምንቱን የሚከፍተው ያው ትራንዚስተር ነው። ምንጩ 5 ቮልት፣ ኮሌክተሩ ላይ 1 ኪሎኦም፣ ቤዙ ላይ 10 ኪሎኦም፣ ኤሚተሩ መሬት፣ β 100። መግቢያው 5 ቮልት ሲሆን የቤዙ ከረንት 0.43 ሚሊአምፔር ነው። በ100 አባዝቶ 43 ሚሊአምፔር የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ እንዲያ ከሆነ ኮሌክተሩ −38 ቮልት ላይ ይሆናል። ሰርኪዩቱ ሊያሳልፍ የሚችለው ከፍተኛው 4.8 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ 0.2 ቮልት ይሆናል። 1 ገብቶ 0 ወጣ፤ ይኸው ኖት ጌት።

የቡሊያን አልጀብራንና የቁጥር ሥርዓቶችን ልወጣ በአንድ ማታ ጨርሱ። በካርኖ ማፕ ላይ የዓምዶቹ ቅደም ተከተል 00፣ 01፣ 11፣ 10 ነው፤ አራቱ ማዕዘናትም ጎረቤቶች ናቸው። የቀረውን ጊዜ ለፍሊፕ ፍሎፕ ስጡት።

ቅዳሜ ከ0 እስከ 5 ቆጥሮ ወደ 0 የሚመለስ ቆጣሪ በሦስት ዲ ፍሊፕ ፍሎፕ ሥሩ። የአሁኑንና የሚቀጥለውን ሁኔታ በሠንጠረዥ ጻፉ፤ 6ና 7 የማይፈለጉ ስለሆኑ በማፑ ላይ እንደ ነፃ ሣጥን ይያዙ። የሚወጣው ይህ ነው፦

```
D0 = Q0'
D1 = Q2'Q1'Q0 + Q1Q0'
D2 = Q1Q0 + Q2Q0'
```

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ማረጋገጫው ግን አሁን ነው። ቆጣሪው ኃይል ሲሰጠው በአጋጣሚ 6 ላይ ቢነሣስ? 110ን አስገቡ፤ ቀጣዩ 111 ይሆናል። 111ን አስገቡ፤ 100 ይመጣል፣ እሱም 4 ነው። ቆጣሪው ራሱን ወደ መንገዱ መለሰ። ከ6 ወደ 7፣ ከ7 ደግሞ ወደ 6 የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ተይዞ ይቀር ነበር። ይህች ሁለት መስመር በፈተና ወረቀት ላይ ስትታይ ሠሪው የገባው መሆኑን ትናገራለች።

ሳምንት 4፦ ሰዓት ይዞ መሥራት

ቅዳሜና እሑድ አንድ አንድ ያለፈ ፈተና፣ በሙሉ ሰዓቱ፣ ስልክ ጠፍቶ። ከዚያ ስታርሙ ስሕተቱን በሦስት ዓምድ መድቡት፤ ሐሳቡ አልገባኝም፣ ሥዕሉን በስሕተት አነበብሁ፣ ስሌት ሳትሁ። የኔ ዓምዶች ሲቆጠሩ የመጀመሪያው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሁለተኛው ግን ሞልቶ ፈሰሰ። የተረሳ ካፓሲተር፣ ፒኤንፒ ሆኖ ሳለ እንደ ኤንፒኤን የተያዘ ትራንዚስተር፣ የተገለበጠ የኦፕ አምፕ መግቢያ። መድኃኒቱ ንባብ አልነበረም፤ ስሌት ከመጀመሬ በፊት ሥዕሉን በራሴ እጅ እንደገና መሣልና የከረንቱን ቀስት ማስቀመጥ ነበር።

በዚህ ሳምንት የሥራ ቀናት ማታ የሚሠሩት የተሳሳታችኋቸው ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። አዲስ ምዕራፍ አትክፈቱ። ከሥራ ቦታ የፈተናውን ዋዜማ ግማሽ ቀን ለማስፈቀድ የምትችሉ ከሆነ ጥያቄውን በሁለተኛው ሳምንት አቅርቡ፤ በአራተኛው ሳምንት ዘግይቷል።

ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ዲጂታሉን አስቀድሙ፤ ትሩዝ ቴብልና ማፕ ራሳቸውን ስለሚያርሙ ነጥቡ ቶሎ ይገባል። ረጅሙን የማጉያ ጥያቄ ቀጥሎ ያዙ። ዲሲው ካልወጣላችሁ IC 1 ሚሊአምፔር ነው ብላችሁ በግልጽ ጻፉና ወደ ማጉላቱ እለፉ፤ ብዙ አራሚ ለዘዴው ነጥብ ይሰጣል። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ወደየትራንዚስተሩ ተመልሳችሁ VCEን ከምንጩ ጋር ለማስተያየት አስቀሯቸው።