የሁለት ባህሎችን የክብር ልብስ የሚያወዳድር ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

የእህቴ ልጅ እዚህ ሐዋሳ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሰሞን የቤት ሥራ ተሰጣት። የሁለት ባህሎችን የክብር ልብስ በጨርቅ፣ በስፌት፣ በቀለምና በሚለበስበት አጋጣሚ እያወዳደረች ሁለት ገጽ እንድትጽፍ ነው። የሐበሻ ቀሚስንና የጃፓኑን ኪሞኖ መረጠች። ረቂቋ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «የሐበሻ ቀሚስ ከጥጥ ይሠራል። ኪሞኖ ከሐር ይሠራል። የሐበሻ ቀሚስ ነጭ ነው። ኪሞኖ ብዙ ቀለም አለው።» መምህሯ ከግርጌው በቀይ «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ መለሰላት።

ልጅቷ ከፍቷት መጣች። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ተቀምጠን እንደገና ሠራነው። አካሄዳችን ይኸውና።

መጀመሪያ፣ እኩያውን ከእኩያው ጋር ያዙ

ኪሞኖ ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ከሚመጡት ፎቶዎች ብዙዎቹ የዩካታ ናቸው። ዩካታ ገበር የሌለው ስስ የጥጥ ልብስ ነው፤ በበጋ ይለበሳል፣ ከገላ መታጠቢያ ሲወጡም ይደረጋል። እሱን ከሠርግ ቀሚስ ጋር ማወዳደር ሚዛኑን ያዛባል። እኛ ፉሪሶዴና ቶሜሶዴ የሚባሉትን መረጥን። ፉሪሶዴ ያላገባች ወጣት በትልቅ ቀን የምትለብሰው እጅጌው በጣም ረጅም ኪሞኖ ነው። ቶሜሶዴ ያገባች ሴት የክብር ልብስ ነው፤ እጅጌው አጭር ነው።

በእኛም በኩል ቀሚሱን ብቻውን አትውሰዱት። ነጠላው ከሌለ ልብሱ ጎደሎ ነው። በኋላ እንደምታዩት ዋናው ነገር ያለውም ነጠላው ላይ ነው።

ርዕሱ ላይ ደግሞ «የኢትዮጵያ ባህል ልብስ» ብላችሁ አትጻፉ። ሐዋሳ ውስጥ ይህ ስህተት ወዲያው ይታያል። ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ጉዱማሌ የሚወጣው ሰው የለበሰው ሌላ ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ ግማሾቹም «ያ የእኛ አይደለም» ሊሏት ይችላሉ። የማን ልብስ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። እኛ «የሰሜንና የመሀል ኢትዮጵያ ደገኞች» አልን። ጨርቁን ከሚሸምኑት መካከል ግን የደቡቦቹ ዶርዜዎች ስም ገናና ስለሆነ፣ ይህንንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገባነው።

ልብሱን ገልብጡት

እናቴ የገብርኤል ዕለት የምትለብሰውን ቀሚስና ነጠላ አልጋ ላይ ዘረጋን። ቀሚሱን ከውስጥ ገለበጥነው፤ የስፌት ሜትር አመጣን። ድርሰቱ የተለወጠው እዚህ ጋ ነው።

ነጠላው መሀል ለመሀል፣ ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄድ ስፌት አለው። ልጅቷ እስከዚያ ቀን አላየችውም ነበር። ነጠላ ማለት ሁለት ሸማ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። አንዱን ወገን ስንለካው ከ80 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያንሳል።

«ለምን አንድ ወጥ አላደረጉትም?» አለችኝ።

መልሱ ሸማኔው አቀማመጥ ላይ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል። ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው በድሩ መሀል ይወረውራል። ስለዚህ ጨርቁ እጁ ተመችቶት ከሚደርስበት በላይ ሊሰፋ አይችልም። የጨርቁ ወርድ የሰው ክንድ ልክ ነው። ሰፊ ነገር ከተፈለገ ይቀጠላል፤ ወፍራም ከተፈለገ ይደረባል። ነጠላ አንድ እጥፍ፣ ኩታ ሁለት፣ ጋቢ አራት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ይኸንኑ ጥያቄ ለኪሞኖ አቅርቡለት። የኪሞኖ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ጠባብ ጥቅል ነው። ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ጥቅል አንድ የሴት ኪሞኖ ይወጣል። ጥቅሉ በቀጥታ መስመር ስምንት ቦታ ይቆረጣል፦ ሁለት ለአካል፣ ሁለት ለእጅጌ፣ ሁለት ለፊት መደራረቢያ፣ ሁለት ለአንገትጌ። ክብ ሆኖ የሚቆረጥ ክንድ ማስገቢያ የለም፤ ወገብ ላይ ጠበብ የሚል ስፌትም የለም። ሰውነት ላይ የሚያስተካክለው ኦቢ የሚባለው ሰፊ መቀነት ነው። ስፌቱ ሁሉ ቀጥታ ስለሆነ ድሮ ሲቆሽሽ ይተረተርና ቁራጮቹ ታጥበው እንደገና ይሰፉ ነበር።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ነጠላውን አየችው። «ነጠላ እኮ ጭራሽ አይቆረጥም» አለች። ልክ ናት። የዛሬው ቀሚስ በልክ ይቆረጣል፤ ትከሻና ወገብ አለው። ነጠላው ግን ከሸማኔው እንደወጣ ነው። ጥጥና ሐር ብሎ ማለፍ ቀርቶ፣ ሁለቱም ከጠባብ የእጅ ሽመና እንደሚነሱ፣ ከዚያ ግን መንገዳቸው እንደሚለያይ መጻፍ ቻለች። ጨርቅና ስፌት ሁለት የተለያዩ አንቀጾች መሆናቸው ቀረ፤ አንዱ የሌላው ምክንያት ሆነ።

ቀለም ላይ ብዙ አትቆዩ፣ ግን ቦታውን እዩ

«ነጭ ነው፣ ባለቀለም ነው» ማለት አይበቃም። ቀለሙ ልብሱ ላይ የት እንደተቀመጠ ተመልከቱ። ቀሚሱ ላይ ጥለቱ ጫፉ ላይ ነው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ጥልፍ ይወርዳል። ነጠላው ላይ ጥለቱ ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ነው። የጃፓን ሙሽሮች እናቶች ሠርግ ላይ የሚለብሱት ጥቁር ቶሜሶዴም ሥዕሉ ከወገብ በታች ብቻ ነው። ሁለቱም ጌጡን ወደ እግር ያወርዱታል።

ነጭ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እኛ ዘንድ ነጭ የበዓልና የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለሐዘን ጥቁር ይለበሳል። ጃፓንም ዛሬ ለቀብር ጥቁር ይለበሳል፤ በባህላዊው ሥርዓት ግን ሟቹ ራሱ ነጭ ይለብሳል። ሙሽራዋም ከላይ እስከ ታች ነጭ የሆነ ሺሮሙኩ ትለብሳለች። ስለዚህ «ነጭ በሁለቱም ባህል ደስታ ነው» ብላችሁ እንዳትዘጉት።

አጋጣሚው ከልብሱ ላይ እንዴት ይነበባል?

አብዛኛው ተማሪ እዚህ የበዓል ስም ይደረድራል። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሠርግ። የሚሻለው ሌላ ጥያቄ ነው። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ብታዩ ወዴት እንደምትሄድ ልብሷ ይነግራችኋል?

እናቴን ጠየቅናት። ነጠላዋን አነሳች። ጥለቱን ወደ ታች ለቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፤ «ይኼ የዘወትር ነው» አለች። ከዚያ በሁለቱ ትከሻዎቿ መስቀለኛ አጣፋችው፤ «ይኼ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነው።» ቀጥሎ ልጅቷ «ለቅሶስ፣ እማማ?» አለቻት። እናቴ ትንሽ አመነታች። ራሷ ላይ አላደረገችውም፤ ልጅቷም ላይ አላደረገችም። ወንበር መደገፊያ ላይ አዘቀዘቀችው። ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገት በሚሆንበት በኩል መጣ። «እንዲህ ነው። በሉ በቃ» ብላ ወዲያው አነሳችው።

ያው ነጠላ ነው፤ የተለወጠው አለባበሱ ብቻ ነው።

ኪሞኖ ላይ ደግሞ ብዙው ነገር ሲሰፋ ያልቃል። የእጅጌው ርዝመት ያገባችና ያላገባችን ይለያል። የክብሩ ደረጃ ጨርቁ ላይ በሚታተሙ የቤተሰብ ምልክቶች ቁጥር ይታወቃል። ከፍተኛው አምስት ነው፦ አንድ ጀርባ ላይ፣ ሁለት እጅጌ ላይ፣ ሁለት ደረት ላይ። ይህን ጠዋት ተነስቶ መለወጥ አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ኪሞኖም ሲለበስ ይወሰናል። ሁልጊዜ የግራው ወገን ከላይ ይሆናል። የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሟች ብቻ ነው። ፎቶ ስትመርጡም ተጠንቀቁ፤ መስታወት ውስጥ የተነሳ ወይም የተገለበጠ ፎቶ በሕይወት ያለችውን ሴት እንደ ሟች ያለብሳታል። ልጅቷ ለሽፋን የመረጠችው ፎቶ እንዲህ ሆኖ አግኝተነው ቀየርነው።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

የሰበሰባችሁትን በአራት ረድፍና በሁለት ዓምድ አስቀምጡት። ከዚያ ሁሉንም የሚይዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። እሷ ሦስት ጊዜ ሰርዛ ይህን ጻፈች፦ «ሁለቱም ልብሶች ከጠባብ የእጅ ሽመና ይነሳሉ፤ ነገር ግን ኪሞኖ መልእክቱን በብዛት የሚይዘው ሲሰፋ ሲሆን፣ ነጠላ የሚይዘው ሲለበስ ነው።»

ጥሩ ዓረፍተ ነገር መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ሰው ሊከራከራችሁ ከቻለ ጥሩ ነው። «ሁለቱም ውብ ናቸው» በሚለው ላይ ማንም አይከራከርም።

ቅደም ተከተሉ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። ስለ አንዱ ልብስ ሁሉን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል፤ ግን ያኔ ሁለት የተለያዩ ድርሰቶች ይሆኑና አንባቢው ራሱ እንዲያወዳድር ትተዉለታላችሁ። ለሁለት ገጽ በነጥብ መሄድ ይሻላል፤ በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱም ልብሶች ይኑሩ። እኛ ጨርቅና ስፌትን አንድ ላይ አደረግን፣ ቀለምን አጭር፣ አጋጣሚን ረጅም። አራቱ እኩል መሆን የለባቸውም።

የአጋጣሚው አንቀጽ ከፊሉ እንዲህ ወጣ፦

«አያቴ አንድ ነጠላ አላት። ጥለቱ ወደ ታች ሲሆን ገበያ ትሄዳለች፤ ስታጣፋው ቤተ ክርስቲያን፤ ስታዘቀዝቀው ለቅሶ። አንዲት ጃፓናዊት ግን ለሠርግና ለቀብር ሁለት የተለያዩ ኪሞኖዎች ያስፈልጓታል። ሆኖም ኪሞኖም ቢሆን አንድ ነገር ለለባሹ ይተዋል፤ የቀኙ ወገን ከላይ ከሆነ የሟች ልብስ ይሆናል።»

«ሆኖም» ብላ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር ሐሳቧን የሚቃወም ነው። ልትደብቀው ፈልጋ ነበር። እንዳትደብቀው ነገርኳት፤ መምህሩ ካወቀው ራሱ ያነሳዋል፤ እሷ ቀድማ ካነሳችው ግን ልብሱን በደንብ እንዳየችው ያሳያል።

ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ፍተሻ አድርጉ። በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ «ግን»፣ «ደግሞ»፣ «ሁለቱም» ወይም «በአንጻሩ» ከሚሉት ቢያንስ አንዱን ፈልጉ። ከሌለ ያ አንቀጽ እየገለጸ እንጂ እያወዳደረ አይደለም። የእሷ የቀለም አንቀጽ እዚህ ፍተሻ ላይ ወደቀ፤ እሁድ ማታ ያንን ብቻ እንደገና ጽፋ ሰኞ ጠዋት ይዛው ሄደች።