ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን ለኩ

ቀለም ልትገዙ ስትወጡ በግምት አትሂዱ። ክፍሉ 4 በ3.5 ሜትር ከሆነ የአራቱ ግድግዳ ዙሪያ 15 ሜትር ነው፤ በ2.8 ሜትር ከፍታ ሲባዛ 42 ካሬ ይሆናል። በሩን (0.9 በ2.1) እና መስኮቱን (1.5 በ1.2) ስትቀንሱ 38.3 ካሬ ይቀራል። ሁለት እጅ ስለሚቀባ 76.6 ካሬ ማለት ነው። ጣሳው ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ይሸፍናል ከተባለ 7.7 ሊትር፣ ማለትም ባለ 4 ሊትር ሁለት ጣሳ ይበቃል።

ይህ ግን ቀድሞ ለተቀባ ግድግዳ ነው። አዲስ ልስን ቀለም ይጠጣል፤ በሊትር 7 ካሬ ብቻ ከሄደ የመጀመሪያው እጅ ብቻውን 5.5 ሊትር ይጨርሳል። እርጥብ ጨርቅ ግድግዳው ላይ አሳርፉ፤ ውሃውን ወዲያው ከመጠጠው መጀመሪያ ፕራይመር የሚባለውን ከቀለም በፊት የሚቀባ ቅብ ቀቡት።